"ጥገና" የሚለው ቃል ሲቆረጥ

ጎግል ላይ አንድ የአዲስ አበባ አገልግሎት ሰጪ ፈልጉ፤ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የፍሪጅ ጥገና፣ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ፣ የፈለጋችሁትን። ከሚመጡት ውጤቶች መካከል "Home" ብሎ የሚጀምር ርዕስ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቀጥሎ ሰረዝ፣ ከሰረዙ በኋላ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ መጨረሻው ላይ ፒኤልሲ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ደግሞ "እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ" ይላል። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንዳለ፣ ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ አንድም ነገር የለም።

ይህን የጻፈ ሰው የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ የመጀመሪያውን ገጽ ሲከፍት "Home" ብሎ ሰየመው፤ ዎርድፕረስና ተጨማሪ መሣሪያዎቹም የገጹን ስምና የድርጅቱን ስም በሰረዝ አገናኝተው ርዕስ አደረጉት። ባለቤቱ ለቀለሙና ለፎቶው ሲጨነቅ ከርሞ፣ ደንበኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየውን መስመር ለማሽን ተወው።

ይህ መስመር በገጹ ላይ አይታይም። የሚቀመጠው ከገጹ ጀርባ ባለው ኮድ ውስጥ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ አጭር መግለጫው ይከተላል። ሁለቱም እንዲህ ናቸው፦

```html
<title>የገጹ ርዕስ</title>
<meta name="description" content="አጭር መግለጫ">
```

ኮዱን በእጅ መንካት አያስፈልግም። ዎርድፕረስ ላይ እንደ ዮስት ያሉ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት የመጻፊያ ሣጥን ያቀርባሉ፤ እዚያ መሙላት ነው። ድረ ገጹን ሌላ ሰው ከሠራላችሁም ሁለቱን መስመሮች ጽፋችሁ "ይህን በዚህ ገጽ ላይ አስገባልኝ" ማለት ትችላላችሁ። የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚከብደው ምን እንደሚጻፍ ማወቁ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሲኤምሲ አካባቢ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ፍሪጅ የሚጠግን ድርጅት አለ እንበል። ሁለት ባለሙያና አንድ ሚኒባስ አለው፤ ደንበኛው ቤት ሄዶ ይሠራል። ባለቤቱ ርዕሱን ራሱ ሊጽፍ ተነሣና በልማዳችን መሠረት እንዲህ አለ፦ "በአዲስ አበባ ከተማና በአካባቢዋ በሰለጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጥ አስተማማኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥገና"። ሰዋስዉ አይነቀፍም። ለደብዳቤ ቢሆን ያምራል። በፍለጋ ውጤት ላይ ግን ይሞታል።

ምክንያቱ የአማርኛ አረፍተ ነገር አካሄድ ነው። እኛ ገላጩን እናስቀድማለን፣ ዋናውን ስም ወደ መጨረሻ እንገፋለን፣ ግሡን ደግሞ ከሁሉ በኋላ እናመጣለን። ጎግል ርዕሱ ከስክሪኑ ስፋት ሲያልፍ የሚቆርጠው ከመጨረሻው ነው፤ በቦታውም ሦስት ነጥብ ያደርጋል። ስለዚህ ፈላጊው የሚያየው "በአዲስ አበባ ከተማና በአካባቢዋ በሰለጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጥ…" የሚለውን ይሆናል። ምንድን ነው የሚሰጠው? ሥልጠና? መርፌ? ማሽንም ጥገናም የሉም። በእንግሊዝኛ ርዕስ ላይ ቆረጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው የድርጅቱን ስም ወይም የከተማውን ስም ነው። በአማርኛ የሚወስደው የነገሩን እምብርት ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ምክሮች ይህን አይነግሯችሁም።

ስንት ፊደል ላይ ይቆረጣል? ጎግል በፊደል ብዛት የተወሰነ ገደብ አላወጣም፤ የሚቆርጠው በስፋት ነው። በኮምፒውተር ላይ ለርዕስ የሚተወው ቦታ ወደ 600 ፒክስል ገደማ ሲሆን፣ ለላቲን ፊደል ይህ ከ50 እስከ 60 ፊደል ይሆናል ይባላል። የግዕዝ ፊደል ግን ሰፊ ነው። "i" እና "l" የሚወስዱትን ጠባብ ቦታ ከ"ጨ" ወይም ከ"ሙ" ጋር አስተያዩት። በእኔ ግምት ለአማርኛ ርዕስ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 40 ገደማ ላይ ማቆም ይበጃል። ስልክ ላይ ርዕሱ ወደ ሁለተኛ መስመር ስለሚወርድ ትንሽ ይሰፋል፤ የፊደሉም ዓይነት ከስልክ ስልክ ይለያያል። ስለዚህ 40 ሕግ አይደለም፤ ከሱ በላይ ያለው ሊጠፋ እንደሚችል አውቆ መጻፍ ነው።

ወደ ሲኤምሲው ድርጅት እንመለስ። ከርዕሱ መጀመሪያ ምን ይውጣ? "በሰለጠኑ ባለሙያዎች" ይውጣ፤ ባልሠለጠነ ሰው እናስጠግናለን የሚል ድርጅት የለም። "አስተማማኝ"ም እንደዚያው። ሁሉም ለራሱ የሚለው ቃል ፈላጊውን ከአንዱ ወደ ሌላው አያዞረውም። "ከተማና አካባቢዋ" ረዥም ነው፣ የሚጨምረውም ትንሽ ነው። የቀረው አገልግሎቱ፣ ከሌሎች የሚለየው ነገርና ቦታው ነው፦

```html
<title>ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥገና፣ ቤትዎ ድረስ | አዲስ አበባ</title>
```

ባዶ ቦታውን ጨምሮ 35 ነው። "ጥገና" አራተኛው ቃል ላይ ስለመጣ ቢቆረጥ እንኳ ከመጨረሻው የሚሄደው ከተማው ነው፤ ፈላጊው ደግሞ ያለበትን ከተማ ያውቃል። "የልብስ" ከማለት "ልብስ" ማለቱም ሰው በስልኩ ሲጽፍ ወደሚጽፈው ይቀርባል። የድርጅቱ ስም የለበትም፤ ሆን ተብሎ ነው። ጎግል ከ2022 ጀምሮ የድረ ገጹን ስም ከርዕሱ በላይ ለብቻው ያሳያል፤ መጀመሪያ በስልክ፣ በኋላም በኮምፒውተር። ስሙ እዚያ ካለ ርዕሱ ውስጥ መድገሙ ቦታ መጨረስ ነው። ስሙ ራሱ ደንበኛ የሚያመጣ የታወቀ ድርጅት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ገጽ፣ አንድ አገልግሎት። ይህ ድርጅት ፍሪጅም ይጠግናል፤ ሁለቱን በአንድ ርዕስ ለማጨቅ መሞከር ግን ሁለቱንም ማሳጠር ይሆናል። ፍሪጁ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ርዕስና የራሱ መግለጫ ይኑረው። ፍሪጁ ያልቀዘቀዘለት ሰው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማንበብ አይፈልግም፤ ሥጋው እየተበላሸ ነው።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያከራክረው ጥያቄ እንግባ። ርዕሱ በአማርኛ ይሁን ወይስ በእንግሊዝኛ? የአዲስ አበባ ሰው ጎግል ላይ በሦስት መንገድ ይጽፋል፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንዲሁም አማርኛውን በላቲን ፊደል። ስለዚህ ብዙ የድረ ገጽ ሠራተኞች "ሁሉንም እንያዝ" ብለው የአማርኛ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ ርዕስ ይሰቅላሉ፤ አንዳንዱም ሁለቱን በአንድ ርዕስ ያዳብላል።

ይህ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ምክንያቱም ታወቀ። ጎግል በሰኔ ወር 2022 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያስታወቀው ማሻሻያ፣ የርዕሱ ቋንቋ ወይም ፊደል ከገጹ ጽሑፍ ጋር የማይገጥምባቸውን ገጾች ለይቶ በርዕሱ ፈንታ ከገጹ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ርዕስ ይመርጣል። ገጹ በአማርኛ ተጽፎ ርዕሱ "Washing Machine Repair Addis Ababa" ከሆነ፣ የለፋችሁበት ርዕስ ላይታይ ይችላል፤ በምትኩ ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈው ይወጣል። በትልቁ የተጻፈው "እንኳን ደህና መጡ" ከሆነ ደግሞ እሱ ይወጣል።

ስለዚህ መልሱ ርዕሱ ላይ ሳይሆን ገጹ ላይ ነው። የውጭ ዜጎችና ኤምባሲዎች ደንበኞቻችሁ ከሆኑ ሙሉ የእንግሊዝኛ ገጽ ሥሩ፤ ርዕሱም መግለጫውም እንግሊዝኛ ይሁን። ለአማርኛ ፈላጊ የአማርኛ ገጽ። ሁለቱ በሊንክ ይገናኙ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ግብር የሚያሰላ ሐበሻ ሌላ ስሌት ይኖረዋል። ደንበኛው አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም ሲፈልግ በእንግሊዝኛ "Amharic speaking" ብሎ መጻፉ አይገርምም፤ ስለዚህ ገጹ እንግሊዝኛ ሆኖ አማርኛ መናገሩ ርዕሱ ላይ ቢገለጽ ይሻላል። በላቲን ለሚጻፈው አማርኛ ግን የተለየ ገጽ አትሥሩ። ሰው ሲጽፈው አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ ሲነበብም ያስጠላል።

የፊደል ነገር አለመግጠም ግን ጎግል ርዕስ የሚቀይርበት አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። በነሐሴ 2021 ድርጅቱ ርዕስ የሚመርጥበትን ዘዴ ሲለውጥ ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች አጉረመረሙ፤ ከአንድ ወር በኋላ በሰጠው ማብራሪያ ባለቤቱ የጻፈውን ርዕስ 87 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ እንደሚጠቀም ገለጸ፤ ቀደም ሲል 80 በመቶ ገደማ ነበር። በቀረው ጊዜ ርዕሱን ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ ገጹ ላይ በትልቁ ከተጻፈው አርዕስት፣ ሌሎች ወደ ገጹ ሲያገናኙ ከተጠቀሙበት ቃል፣ አልፎ አልፎም ከሌላ። ይህን የሚያደርገው ርዕሱ ባዶ ወይም ግማሽ ባዶ ሲሆን፣ ያለፈ ዓመት ሲጠቅስ፣ አንድ ዓይነት ርዕስ በሁሉም ገጾች ላይ ሲደገም፣ ወይም ቃላት ያለ ልክ ሲደረደሩበት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ገጹ ላይ በትልቁ የሚታየውን አርዕስት ከርዕሱ ጋር አቀራርቡ። ከላይ ያለው ርዕስ ለተሰጠው ገጽ የሚታየው አርዕስት "የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥገና ቤትዎ ድረስ" ቢሆን ጎግል ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ አይጎዳችሁም።

ስለ ቃላት መደርደር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። "ጥገና ሲኤምሲ ገርጂ መገናኛ አያት ጀሞ ሜክሲኮ ፒያሳ" የሚል ርዕስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ አውቶብስ ላይ የቆመ ረዳት ይመስላል። ከሱ የባሰው ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ዓይነት ገጽ አባዝቶ የሰፈሩን ስም ብቻ መቀየር ነው። ጎግል ይህን ፈላጊን ወደ አንድ ቦታ ለመንዳት የተሠራ የማታለያ ገጽ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በደንቡም ይከለክለዋል። የሰፈር ገጽ የሚሠራው ለዚያ ሰፈር የምትሉት የተለየ ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ እዚያ ቅርንጫፍ ካለ፣ ወይም የመጓጓዣ ዋጋው ከለሌላው ሰፈር የሚለይ ከሆነ።

ወደ መግለጫው እንሻገር። መጀመሪያ የማያደርገውን ልናገር፤ መግለጫ ደረጃ አያሻሽልም። ጎግል መግለጫውንም፣ "keywords" የሚባለውን አሮጌ ሣጥንም ገጾችን ለማበላለጥ እንደማይጠቀምባቸው በ2009 በይፋ ተናግሯል። የቁልፍ ቃል ዝርዝር እሞላላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዜና አልሰማም ማለት ነው። የመግለጫው ሥራ ሌላ ነው። ውጤቱን አይቶ ልንካው ወይስ ልለፈው እያለ ለሚያመነታው ሰው መልስ መስጠት።

የዚያ ሰው ጥያቄ ምንድን ነው? የድርጅቱን ስልክ የሚያነሣው ሰው ያውቀዋል፤ በየቀኑ ይሰማዋል። "የኔን ማሽን ትሠራላችሁ? ውኃ አላወጣ ብሏል።" "እዚህ ድረስ ትመጣላችሁ?" "ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ትሠራላችሁ?" "ካልተሠራስ ታስከፍላላችሁ?" መግለጫው ከነዚህ መልሶች ይጻፋል፦

```html
<meta name="description" content="ማሽንዎ ውኃ አላወጣ አለ? አልሽከረከር አለ? ቤትዎ መጥተን እንጠግናለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ካልተጠገነ ክፍያ የለም። ሲኤምሲ፣ ገርጂ፣ መገናኛ።">
```

አረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት ለውበት አይደለም። ቅድም ስለ ርዕስ ያነሣነው ችግር እዚህ ይብሳል፤ አማርኛ አዎንታና አሉታን የሚለየው በመጨረሻው ግሥ ነው። "ማሽንዎ ሳይጠገን ከቀረ የምርመራም ሆነ የመጓጓዣ ክፍያ አንጠይቅም" ብላችሁ ቆረጣው "ክፍያ" ላይ ቢያርፍ፣ ፈላጊው ያነበበው ሳይጠገንም እንደምታስከፍሉ ነው። "ካልተጠገነ ክፍያ የለም" በሦስት ቃል አልቆ ነጥቡን አሳርፏል። ቆረጣው ከዚያ በኋላ የትም ቢያርፍ የተባለው አይገለበጥም።

ርዝመቱስ? ጎግል በታኅሣሥ 2017 በውጤቶቹ ሥር የሚያሳየውን ጽሑፍ ወደ 300 ፊደል ገደማ አስረዝሞት ነበር፤ ሰው ሁሉ መግለጫውን እንደገና ጽፎ ሲጨርስ፣ በግንቦት 2018 ወደ 160 ገደማ መለሰው። ይህ የላቲን ቁጥር ነው። ለግዕዝ ፊደል 100 ገደማ ብንይዝ፣ ዋናውን ነገር ደግሞ በመጀመሪያው 60 ውስጥ ብንጨርስ አያሳፍርም። የምሳሌያችን መግለጫ 92 ነው፤ የሰፈሮቹ ስም መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም ቢጠፋ ብዙ ስለማይጎዳ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ጎግል የጻፋችሁትን መግለጫ ላያሳይ ይችላል። በአብዛኛው የሚወስደው ገጹ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው፤ ሰውየው የጠየቀውን በተሻለ የሚመልስ ሐረግ ገጹ ውስጥ ካገኘ የናንተን ትቶ ያንን ያወጣል። አንድ ሰው "ማሽን ውኃ ያፈሳል" ብሎ ቢጽፍና መግለጫው ስለ ማፍሰስ ምንም ባይል፣ ገጹ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ስለ በሩ ጎማ ማለቅ ቢኖር የሚታየው ያ አንቀጽ ነው። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ገጹ ላይ እንዲህ ያሉ ሙሉ አንቀጾች ካሉ። ያለው ፎቶና "አገልግሎታችን" የሚል ማውጫ ብቻ ከሆነ ግን ጎግል ምርጫ ስለሌለው ማውጫውን ይለቅማል። በውጤት ሥር "መነሻ ስለ እኛ አገልግሎት ያግኙን" የሚል ትርጉም የለሽ ሰልፍ ካያችሁ ምንጩ ይኸው ነው።

ገጹ ላይ የሌለ ነገርም መግለጫ ላይ አይጻፍ። "24 ሰዓት እንሠራለን" ብሎ ጽፎ፣ ገጹን ሲከፍቱት "የሥራ ሰዓት፦ ከ2፡30 እስከ 11፡30" የሚል ካለ ደንበኛው ወዲያው ይመለሳል፤ የሚቀጥለውን ውጤት ይነካል።

ሌላም የማይደርስበት ቦታ አለ። ከውጤቶቹ በላይ በካርታ ታጅበው የሚመጡት ሦስት ድርጅቶች ርዕሳቸውንና መግለጫቸውን ከድረ ገጹ አያመጡም፤ የሚያመጡት ከጎግል የንግድ መገለጫ ነው። እዚያ የሚገባው ስም በታፔላው ላይ ያለው ብቻ ነው። "ልብስ ማጠቢያ ጥገና ሲኤምሲ" ብሎ ስሙ ላይ መቀጠል ደንቡን መጣስ ነው፤ መገለጫው ሊታገድ ይችላል።

ቀይራችሁ ስትጨርሱ ለውጡ ዛሬ አይታይም። ጎግል ገጹን እንደገና እስኪያነብ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። በነጻ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ላይ የገጹን አድራሻ አስገብቶ "Request Indexing" የሚለውን መንካት ጥያቄ ያቀርባል፤ ቀን ግን አያስቆርጥም። አንብቦት እንደሆነ ለማየት የፍለጋ ሣጥኑ ላይ እንዲህ ጻፉ፤ በምሳሌው አድራሻ ፈንታ የራሳችሁን አስገቡ፦

```
site:example.com
```

ጎግል የሚያውቃቸው ገጾቻችሁ ይደረደራሉ፤ "Home" ብለው የቀሩት ያን ጊዜ ይጋለጣሉ። ይሁንና ይህ መንገድ የሚያሳየው መግለጫ እውነተኛ ፈላጊ ከሚያየው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ደንበኛ እንደሚጽፈው ጽፋችሁም እዩት።

ሰርች ኮንሶል ውስጥ ለእያንዳንዱ ገጽ ሰዎች የጻፉት ቃል፣ ገጹ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካና አማካይ ደረጃው ይገኛል። መጀመሪያ የምመክረው ሰዎች የጻፉትን ቃል ማንበብ ነው። "ማጠቢያ" ይላሉ ወይስ "ላውንደሪ"? "ፍሪጅ" ወይስ "ማቀዝቀዣ"? ባለቤቱ የሚገምተውና ደንበኛው የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ርዕሱ የደንበኛውን ይከተል። ቀጥሎ ደረጃውን እዩ። ገጹ አማካይ ደረጃው 4 ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚነካው ጥቂት ከሆነ ርዕሱና መግለጫው እየተነበቡ እየታለፉ ነው፤ እዚያ ላይ ሥሩ። ደረጃው 30 ከሆነ ግን ማንም አላያቸውም። ያኔ ቃል መለዋወጥ ከንቱ ነው፤ ሥራው ገጹ ላይ ነው።

ቁጥሩን ስታወዳድሩ የአንድ ሳምንት ወሬ አትመኑ፤ ከለውጡ በፊት አንድ ወር፣ ከለውጡ በኋላ አንድ ወር ውሰዱ። የመብራት መዋዠቅ የሰፈሩን ማሽን ሁሉ ባቃጠለበት ሰሞን ፍለጋው ራሱ ይበዛል፤ ያን የርዕሱ ውጤት ነው ብሎ መኩራት የለም። ስልክ ቁጥር መግለጫው ውስጥ ካስገባችሁ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። ደንበኛው ገጹን ሳይነካ ቁጥሩን ከውጤቱ ላይ አንብቦ ይደውላል፤ የዳታ ሒሳቡን ለሚቆጥር ሰው ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ሰርች ኮንሶል ግን እሱን አይቆጥረውም፣ እንዲያውም የሚነኩት ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያደረገ ድርጅት ሌላ መቁጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው "ቁጥራችንን ከየት አገኙት?" ብሎ ይጠይቅና የሥራ ማዘዣው ላይ ይጻፈው።